አንድ ስዊች ሲጠፋ ሦስቱም ሰርቨሮች ለምን አብረው ወደቁ?

ጥያቄዬ

ሦስት ሰርቨር ያለው የፕሮክስሞክስ ክላስተር አስተዳድራለሁ። ወደ 40 የሚጠጉ ቨርቹዋል ማሽኖች አሉበት። ዲስኮቻቸው የጋራ ስቶሬጅ ላይ ናቸው፤ ስቶሬጁም የራሱ ስዊች አለው። ሁሉም ማሽኖች ኤችኤ ውስጥ ገብተዋል። አንዱ ሰርቨር ቢሞት እሱ ላይ የነበሩት በሌሎቹ ሁለቱ ላይ እንዲነሡ ብዬ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ የዋናውን ስዊች ሶፍትዌር አደስኩ። ስዊቹ ጠፍቶ እስኪነሣ ሦስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በዚያ ሰዓት ተጠቃሚ ስለሌለ ሦስት ደቂቃ ምንም አይደለም አልኩ። ስዊቹ ሲመለስ ግን ሦስቱም ሰርቨሮች ከዜሮ እየተነሡ አገኘኋቸው። የተበላሸ ሰርቨር የለም። መብራት አልጠፋም። 40ዎቹም ማሽኖች ግን ወድቀዋል። አንዱ ዳታቤዝ ከተነሣ በኋላ ራሱን ሲጠግን ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆየ። ዋናው አፕሊኬሽን ደግሞ ከዳታቤዙ ቀድሞ ተነሥቶ፣ ዳታቤዝ ሲያጣ ዘግቶ ተቀመጠ። ጠዋት በእጄ ነው ያስነሣሁት።

በሦስቱም ሰርቨር ሎግ ላይ መጨረሻ አካባቢ ይህ መስመር ነበር፦

```
watchdog-mux: client watchdog expired - disable watchdog updates
```

በአንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ፌንሲንጉን፣ ማለትም የተገለለ ሰርቨር ራሱን የሚጥልበትን አሠራር፣ አጥፍቼ ኤችኤውን ብቻ ማስቀረት እችላለሁ ወይ? ማሽኖቹ የሚነሡበትን ቅደም ተከተልስ የት ነው የማስተካክለው? የመጡትን መልሶች በተራቸው እጽፋለሁ።

መልስ 1

የመጀመሪያው መላሽ አዘነልኝ። የእሱ መሥሪያ ቤትም ተመሳሳይ ችግር እንዳለበት ነገረኝ። መብራት ሲጠፋ ጄነሬተሩ እስኪነሣ ሁለት ሦስት ደቂቃ አለ። በዚያ መሀል ሰርቨሮቹ ይነሣሉ ይወድቃሉ። የዩፒኤሱን ባትሪ ሁለት ጊዜ ቀይሮ አልተሻለውም። የኔንም ዩፒኤስ አስፈትሺ አለኝ። መብራት እንዳልጠፋ ጽፌ ነበር፤ እሱ ያንን አላየውም። ቢሆንም ታሪኩን ልብ በሉት፣ ኋላ ይመለሳል።

መልስ 2

ሁለተኛው ሰው በመድረኩ ብዙዎች ጋሼ የሚሏቸው ናቸው። ሥራውን ከብዙዎቻችን ቀድመው የጀመሩ ሰው ናቸው። እህቴ ብለው ጀመሩና ያ ሌሊት ምን እንደሆነ በሰከንድ ከፋፍለው አስረዱኝ።

ሦስቱ ሰርቨሮች በኮሮሲንክ በኩል ያለማቋረጥ አለሁ ይባባላሉ። ይህ ሃርትቢት በኔ ቤት በዋናው ስዊች ብቻ ነው የሚያልፈው። ስዊቹ ሲጠፋ እያንዳንዱ ሰርቨር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ብቻውን ቀረ። ከሦስት ድምፅ አንድ ብቻ ያዘ። ኮረም ለመያዝ ሁለት ያስፈልጋል። እንግዲህ ሦስቱም አናሳ ሆኑ፤ አብላጫ የሆነ ወገን የለም።

ኮረም ያጣ ሰርቨር `/etc/pve` ላይ መጻፍ አይችልም። እያንዳንዱ ሰርቨር ደግሞ ኤችኤ የሚያስተዳድራቸውን ማሽኖች ይዞ የሚቆየው እዚያ ያለውን ቁልፉን እያደሰ ነው። ቁልፉን ማደስ ሲያቅተው ዋችዶጉንም፣ ማለትም ካልተነካ ሰርቨሩን በግድ የሚያስነሣውን ሰዓት ቆጣሪ፣ መነካካት ያቆማል። ዋችዶጉ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። ከዚያ እኔ ያየሁት መስመር ሎግ ላይ ይወጣል። ከ10 ሰከንድ ገደማ በኋላ ሰርቨሩ በግድ ይነሣል። የኔ ስዊች የጠፋው ሦስት ደቂቃ ነው። ሦስቱም ሰርቨሮች የታዘዙትን ነው የሠሩት።

ፌንሲንጉን ላጥፋው ወይ ላልኩት መልሳቸው ጠንከር ያለ ነበር። በሰርቨሩ ቦታ ሆነሽ አስቢው አሉኝ። አንድ ሰርቨር ከሌሎቹ ጋር መነጋገር ሲያቅተው፣ ሌሎቹ ሞቷል ወይስ ኬብሉ ብቻ ነው የተነቀለ የሚለውን ማወቅ አይችሉም። የኔ ስቶሬጅ በሌላ ስዊች ነው የሚሄደው። ስለዚህ የተገለለው ሰርቨር ዲስኮቹ ላይ መጻፉን ይቀጥላል። ሌላው ሰርቨር ሞቷል ብሎ ያንኑ ዳታቤዝ ቢያስነሣ አንድ ዲስክ ላይ ሁለት ማሽን ይጽፋል። ውስጡ ያለው ኤክስቲ4 ሌላ ጸሐፊ አለ ብሎ አያስብም። ያኔ ግማሽ ሰዓት ጥገና አይበቃም፤ ከባክአፕ መመለስ ነው። ፌንሲንግ የሌለው ኤችኤ ራሱ አደጋ ነው ብለው ጨረሱ።

እኔ ይህን ሳነብ ነው ጥያቄዬ የተገለበጠ መሆኑ የገባኝ። ጥፋቱ ያለው ፌንሲንጉ ላይ ሳይሆን ለሃርትቢቱ አንድ መንገድ ብቻ መስጠቴ ላይ ነው።

መልስ 3

ሦስተኛው መላሽ ነገሩ ቀላል ነው አለ። ስዊቹ ሦስት ደቂቃ ከፈጀ ዋችዶጉን አምስት ደቂቃ አድርጊው፣ ማንም አይነሣም። እሱ ሌላ ሲስተም ላይ እንዲህ አድርጎ ለዓመታት ሰላም አግኝቷል። እውነት ለመናገር እኔም ይህን አስቤው ነበር።

መልስ 4

ጋሼ ወዲያው ተመለሱ። ድምፃቸው ተቀይሯል። ይህን ምክር ማንም እንዳይከተል ብለው ጀመሩ። ምክንያቱን ሲያስረዱ ግን ታገሡ።

ሁለት ሰዓት ቆጣሪ አለ አሉ። አንደኛው የተገለለው ሰርቨር ላይ ያለው 60 ሰከንድ ነው። ሁለተኛው የቀሩት ሰርቨሮች የሚጠብቁት ነው፤ የጠፋው ሰርቨር ቁልፍ ጊዜው የሚያልፈው በ120 ሰከንድ ነው። የቀሩት ያን ቁልፍ ሳይወስዱ ማሽኖቹን አያስነሡም። የደኅንነቱ ምሥጢር ይኸው ልዩነት ነው። የተገለለው በ70 ሰከንድ ገደማ ራሱን ጥሏል፤ ሌላው የሚያነሣው ከ120 በኋላ ነው። ፌንሲንግ የሚባለውም በዚህ ቤት ይኸው ነው፤ ማንም ሄዶ የማንንም መብራት አያጠፋም፣ የተገለለው ራሱን ይጥላል፣ ሌሎቹ መጣሉን በሰዓት ያምናሉ። ዋችዶጉን አምስት ደቂቃ ካደረግሽው የተገለለው ገና እየጻፈ ሳለ ሌላው ያነሣዋል። መልስ 2 ላይ የፈራሁት በትክክል ይህ ነው አሉ።

ሦስተኛው ሰው አልመለሰም። ደስ ያለኝ ግን ማንም አለመሳቁ ነው።

መልስ 5

አምስተኛው መላሽ ዱባይ የሚሠራ ነው፣ የቪኤምዌር ሰው። በእኛ ቤት ይህ አይደርስም ብሎ ገባ። እዚያ ሰርቨሮቹ በኔትወርክ ብቻ ሳይሆን በስቶሬጁም በኩል ሃርትቢት ይተዋሉ፤ በተለምዶ ሁለት ዳታስቶር ይመረጣል። ዋናው ሰርቨር የአንዱን ድምፅ በኔትወርክ ቢያጣ ዳታስቶሩን ያያል። እዚያ ምልክቱ ካለ፣ ሰርቨሩ አልሞተም፣ ተገልሏል ማለት ነው። ከሁለቱም ከጠፋ በ18 ሰከንድ ገደማ ሞቷል ይለዋል። የተገለለ ሰርቨር ደግሞ ሌላ ነገር ካልታዘዘ ማሽኖቹን አይነካም፤ እንደበሩ ይተዋቸዋል። ስዊቹ ሦስት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስ ማሽኖቹ እዚያው እየሠሩ ይጠብቁታል። ከዚያ ገንዘብ የሚቆጥብ ሁለት ጊዜ ያወጣል የሚል ተረት ቢጤ ጨመረ።

መልስ 6

ይህ አንዷን አበሳጫት። እዚህ የተጠየቀው የትኛው ይሻላል አይደለም አለች። ፈቃድ የሚገዛ በጀት የሌለው መሥሪያ ቤት ስንት ነው፣ አንተ ዱባይ ተቀምጠህ የምትመክረው ለማን ነው አለችው። ቴክኒክ ላይ ግን የተናገረው ልክ እንደሆነ አመነች፤ አንድ ነገር ብቻ አስቀርተሃል አለች። እዚያ ማሽኖቹን እንደበሩ መተው የሚቻለው የቪኤምዌር ፋይል ሲስተም የሆነው ቪኤምኤፍኤስ ራሱ ፋይሉን ስለሚቆልፍ ነው። የመጀመሪያው ሰርቨር ዲስኩን ይዞ ሳለ ሁለተኛው ማስነሣት አይችልም። በአንዱ ቤት ጠባቂው የስቶሬጁ ቁልፍ ነው፣ በሌላው ዋችዶጉ። የአንዱን ልማድ ወስደህ ሌላው ላይ መለጠፍ አትችልም።

በዚህ ክር ውስጥ ከተጻፉት ሁሉ የወደድኩት ይህን ነው። ቁጣው ባይኖርበት ደግሞ የበለጠ ይሰማ ነበር።

መልስ 7

ይህ የኔ ነው። ሁሉንም አመሰገንኩ። ሁለተኛ መንገድ ልሥራ፣ ግን አዲስ ስዊች እስኪገዛ ወራት ይፈጃል፤ የስቶሬጁን ስዊች ብጠቀምስ ብዬ ጠየቅኩ።

መልስ 8

የመለሰችልኝ ያችው የመልስ 6 ጸሐፊ ናት፣ አሁን ረጋ ብላ። ኮሮሲንክ ብዙ ዳታ አያስተላልፍም፤ የሚፈልገው መዘግየት የሌለበት መንገድ ነው። 1 ጊጋቢት ያለው ተራ ስዊች ይበቃዋል። የስቶሬጅ ኔትወርክ ባክአፕ በሚሠራበት ሰዓት ይጨናነቃል፣ ያኔ ሃርትቢቱ ይዘገያል። ስለዚህ ብቸኛ መንገድ አድርጎ መስጠት ስሕተት ነው። እንደ ሁለተኛ መንገድ ግን ከምንም በጣም ይሻላል። ዋናው ሲጠፋ ብቻ ነው የሚፈለገው።

ለእያንዳንዱ ሰርቨር በ`/etc/pve/corosync.conf` ውስጥ ሁለተኛ አድራሻ እንዲህ ይጨመራል ብላ የአንዱን ላከች፦

```
node {
  name: pve1
  nodeid: 1
  quorum_votes: 1
  ring0_addr: 10.10.10.1
  ring1_addr: 10.20.20.1
}
```

`totem` ውስጥም ለሁለተኛው መንገድ `linknumber: 1` ያለው ክፍል ይገባል። ከሁሉ በላይ `config_version`ን በአንድ ከፍ ማድረግ እንዳልረሳ አጥብቃ ነገረችኝ። ፋይሉን በቀጥታ እንዳልነካ፣ ኮፒ አድርጌ አስተካክዬ በመጨረሻ እንድተካው መከረች። ሁለቱ መንገዶች መሥራታቸውን በ`corosync-cfgtool -s` አያለሁ።

መልስ 9

አንድ ወጣት መሰለኝ፣ ኪውዲቫይስ ጨምሪ አለ። አራተኛ ድምፅ ሲኖር ኮረም አይጠፋም፤ እሱ ትንሽ ራስበሪ ፓይ ላይ አድርጎት ይሠራለታል።

መልስ 10

ጋሼ በሦስት መስመር መለሱ። ኪውዲቫይሱስ በየት በኩል ነው የሚደረሰው? በዚያው ስዊች ከሆነ አብሮ ይጠፋል። በተጨማሪ ይህ መሣሪያ በዋናነት ለሁለት ሰርቨር ነው፤ ሦስት ላለው አይመከርም። ወጣቱ የእሱ ክላስተር ሁለት ሰርቨር እንደሆነ ጻፈ። ስለዚህ ለእሱ ልክ ነው፣ ለኔ አይደለም።

መልስ 11

እዚህ ላይ የመልስ 1 ባለቤት ተመለሰ። ሁሉንም አንብቦ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰርቨሮቹ ዩፒኤስ ላይ ናቸው፣ ስዊቹ ግን ግድግዳው ላይ ካለው ተራ ሶኬት ነው የሚወስደው። ባትሪ ሁለት ጊዜ ሲገዛ ችግሩ ስዊቹ ጋ ነበር። ጄነሬተሩ ሁለት ደቂቃ ሲዘገይ 60ው ሰከንድ ያልቃል። ያን ቀን ከሰዓት ስዊቹን ዩፒኤሱ ላይ ሰክቶታል። ከዚያ ወዲህ መብራት ሦስት ጊዜ ጠፍቶ አንድም ሰርቨር አልተነሣም ብሎ ጻፈ። ጠያቂዋ እኔ ሆኜ ቀድሞ የተፈታው የእሱ ችግር ነው።

መልስ 12

ስለ ቅደም ተከተሉ ማንም አልመለሰልኝም ብዬ አስታወስኩ። አንዱ ማሽኑ ኦፕሽን ውስጥ የመነሻ ቁጥር አለ፣ ዳታቤዙን 1፣ አፕሊኬሽኑን 2 አድርጊ አለኝ። ቁጥሩ ግን ቀድሞም እንዲሁ ነበር። ለዚህ ነው ግራ የገባኝ።

መልስ 13

የዱባዩ ሰው ይህን አገኘና በትሕትና ተመለሰ። በነሱ ቤት የመነሻ ቅድሚያ አምስት ደረጃ አለው፤ ዳታቤዙን ከፍተኛው ላይ ማድረግ ነው አለ። ቀድሞ ስለተናገረው ነገር ይቅርታ ባይጠይቅም፣ በዚህ መልሱ ውስጥ ስለ ገንዘብ አላነሣም።

መልስ 14

ጋሼ ለሁለቱም መለሱ። ለመልስ 12፣ ያ ቁጥር የሚሠራው ኤችኤ ውስጥ ላልገቡ ማሽኖች ነው አሉ። ኤችኤ የሚያስተዳድራቸውን ያ ቅደም ተከተል ይዘላቸዋል፤ ኤችኤው በራሱ ያነሣቸዋል። ስለዚህ የኔ ቁጥር ለጌጥ ነው የተቀመጠው።

ለመልስ 13 ደግሞ፣ ቅድሚያ ብቻ አይበቃም አሉ። እዚያም ቢሆን ሌላ ካልታዘዘ ቀጣዩ ቡድን የሚነሣው የመጀመሪያው ሀብት ሲመደብለት ነው። ሀብት ተመደበ ማለት ዳታቤዙ ጥያቄ ይቀበላል ማለት አይደለም። የኔ ዳታቤዝ ራሱን ሲጠግን ግማሽ ሰዓት ቆይቷል። የትኛውም ቅድሚያ ግማሽ ሰዓት አይጠብቅም። ቪኤምዌር ላይ ከማሽኑ ውስጥ ሃርትቢት እስኪመጣ ጠብቅ ማለት ይቻላል፤ እሱም ቢሆን የሚናገረው ስለ ማሽኑ እንጂ ስለ ዳታቤዙ አይደለም።

መፍትሔው አፕሊኬሽኑ ጋ ነው አሉ። ዳታቤዝ ሲያጣ ተስፋ ቆርጦ የሚቀመጥ አፕሊኬሽን ማንኛውንም ክላስተር ያሸንፋል። ቢያንስ ሰርቪሱ ውስጥ ይህ ይግባ፦

```
[Service]
Restart=always
RestartSec=10
```

በየ10 ሰከንዱ ይሞክራል። ዳታቤዙ በሁለት ደቂቃም ይነሣ በ40 ደቂቃ፣ አፕሊኬሽኑ ተከትሎት ይነሣል። ጠዋት ማንም በእጁ አያስነሣም።

መልስ 15

ከዚህ በኋላ ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። አንዱ ፕሮክስሞክስ በነባሪ የሚጠቀመው ሶፍትዶግ አይታመንም አለ። ሶፍትዶግ ራሱ ከርነሉ ውስጥ ነው ያለው፤ ከርነሉ ጨርሶ ቢቆም ማን ያነሣዋል? ማዘርቦርዱ ላይ ያለውን የሃርድዌር ዋችዶግ ይጠቀሙ ባይ ነው። ሌላው እሱ ጋ የሃርድዌሩ ዋችዶግ ያለምክንያት ሰርቨር እንዳስነሣበት ጻፈ። አምስት ስድስት መልስ ተጨቃጨቁ። አንዱ ሌላውን አንተ ሰርቨር በእጅህ ነክተህ ታውቃለህ ወይ እስከ ማለት ደረሰ። አልተስማሙም። እኔ ሶፍትዶጉን አልቀየርኩም፣ ግን የመጀመሪያው ሰው ጥያቄ አሁንም አልተመለሰልኝም።

በመሀሉ አንድ ጠቃሚ ነገር ወጣ። ለታቀደ የስዊች ሥራ ኤችኤውን አስቀድሞ ማሳረፍ ይቻላል። መጀመሪያ በሦስቱም ሰርቨር ላይ አንደኛው ትእዛዝ ይሰጣል፣ ሦስቱም ካለቁ በኋላ ሁለተኛው፦

```
systemctl stop pve-ha-lrm
systemctl stop pve-ha-crm
```

ማሽኖቹ መሥራታቸውን ይቀጥላሉ፣ ዋችዶጉ በሥርዓት ይዘጋል። በዚያ ሰዓት ሰርቨር ቢሞት ግን የሚያነሣ የለም። ሥራው እንዳለቀ ሁለቱንም መልሶ ማስነሣት ነው። ያን ሌሊት ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ ይህ ክር ባልተጀመረ።

መልስ 16

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱን ጻፍኩ። ሁለተኛውን መንገድ በስቶሬጁ ስዊች በኩል አስገባሁ። ቅዳሜ ሌሊት ዋናውን ስዊች ሆን ብዬ አጠፋሁት። `corosync-cfgtool -s` የመጀመሪያው መንገድ መቋረጡን፣ ሁለተኛው መገናኘቱን አሳየኝ። አምስት ደቂቃ ጠበቅኩ። ማንም አልተነሣም።

ከዚያ የአንዱን ሰርቨር የኤሌክትሪክ ገመድ ነቀልኩ። ሁለት ደቂቃ ሙሉ ምንም ነገር አልተንቀሳቀሰም፤ ልቤ ግን ይመታ ነበር። ከሁለት ደቂቃ ተኩል በኋላ የመጀመሪያው ማሽን በሌላው ሰርቨር ላይ ተነሣ። ሁለተኛ ጊዜ የነቀልኩት የኤችኤው ማስተር የነበረውን ነው፤ ያኔ መጀመሪያ አዲስ ማስተር መመረጥ ስላለበት ደቂቃ ያህል ረዘመ። አፕሊኬሽኑ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቆ ተነሥቶ ዳታቤዙን አገኘው።

አንድ ያላሰብኩት ነገርም ታየኝ። እያንዳንዱ ሰርቨር 128 ጊጋባይት ሜሞሪ አለው፣ 100 ያህሉን ማሽኖች ይዘውታል። አንዱ ሲሞት 100ው በቀሩት ሁለት ላይ ይሄዳል፤ የቀረው ባዶ ቦታ ግን 28 እና 28 ነው። ዳታቤዙ ቦታ ያገኘው ቀድሞ ስለደረሰ ብቻ ነው። አንዱ ሰርቨር ሜሞሪ ሞልቶበት ከርነሉ አንድ ማሽን ገደለ። አሁን የሙከራ ማሽኖቹን በሙሉ ከኤችኤ አውጥቻለሁ። በየሰርቨሩ በኤችኤ ውስጥ የቀረው 55 ጊጋባይት ነው፤ 28 እና 28 ውስጥ ለጥቂት ይገባል።

መልስ 17

ጋሼ ለጥቂት የሚለውን ቃል አልወደዱትም። ሰርቨሩ ራሱም የሚበላው ሜሞሪ አለ፣ ወደ 45 አውርጂው አሉኝ። በሚቀጥለው ሙከራም ኬብሉን ብቻ ነቅዬ እንዳይ ጠየቁኝ። የኤሌክትሪክ ገመድ ሲነቀል ሰርቨሩ በእርግጥ ይሞታል፣ ፌንሲንጉ አይፈተንም። የሚፈተነው ሰርቨሩ በሕይወት እያለ ሁለቱም የሃርትቢት ኬብሎች ሲነቀሉ ነው። የአንዱን ሰርቨር ሙከራ ለዚህ ቅዳሜ ቀጥሬዋለሁ።